ዓይነ ስውር ፈታኝ የሚያነቡት መመረቂያ ጽሑፍ፦ ርዕሱ፣ ሠንጠረዡና ምስሉ እንዴት ይሠራ?

ጥያቄ፦ «የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን በአማርኛ፣ በወርድ ጽፌ ጨርሻለሁ። 112 ገጽ ነው፤ 9 ሠንጠረዥና 4 ምስል አለው። ጥናቱ በ7ኛ ክፍል ተማሪዎች አንብቦ የመረዳት ችሎታ ላይ ነው። የውጭ ፈታኜ ዓይነ ስውር መምህር ናቸው፤ የሚያነቡት ኤንቪዲኤ በሚባል ስክሪን ሪደር፣ ስክሪኑን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ነው። ፒዲኤፉን ስልክላቸው ‹ልጄ፣ ጽሑፉን ያነበንበዋል፤ ግን የት እንዳለሁ አላውቅም። ሠንጠረዦቹማ ቁጥር ብቻ ናቸው› አሉኝ። 10 ቀን ቀርቶኛል። ከየት ልጀምር?»

መልስ፦

መምህሩ ምርመራውን ጨርሰውልሻል። «ያነበንበዋል» ካሉ ፊደሉ ፊደል ነው፤ ስካን የተደረገ ወረቀት አይደለም ማለት ነው። ከትልቁ ራስ ምታት ተገላግለሻል። «የት እንዳለሁ አላውቅም» ያሉት የርዕስ ጉዳይ ነው። «ቁጥር ብቻ» ያሉት ደግሞ የሠንጠረዥ አሠራር ነው። ስለ ምስሎቹ ምንም አላሉም። ምናልባት ምስል መኖሩንም አላወቁ ይሆናል።

10 ቀን አይፈጅብሽም። ርዕሱ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ሠንጠረዦቹ ሁለት ቀን ይወስዱብሻል። ምስሎቹ ግማሽ ቀን ይበቃቸዋል። ፒዲኤፉን ለጊዜው ተዪውና የወርዱን ፋይል ክፈቺ፤ ሁሉም የሚስተካከለው እዚያ ነው። የምጠቅስልሽ የሜኑ ስሞች የእንግሊዝኛው ወርድ ላይ እንዳሉት ናቸው።

ርዕሶቹ

አንቺ ገጹን ስታዪው ደመቅና ተለቅ ያለው መስመር ርዕስ መሆኑ ወዲያው ይገባሻል። ስክሪን ሪደር ግን በድምቀት አይመራም። 16 ነጥብ አድርገሽ ያደመቅሽው «ምዕራፍ ሦስት» ለእሱ እንደማንኛውም አንቀጽ ነው። ወርድ ውስጥ አንድ መስመር ርዕስ የሚሆነው `Heading 1`፣ `Heading 2`፣ `Heading 3` ከሚባሉት ስታይሎች አንዱ ሲሰጠው ብቻ ነው።

እንዲህ ከተሠራ መምህሩ `Insert+F7` ተጭነው `Headings` ሲመርጡ የርዕሶቹ ዝርዝር ይመጣላቸዋል። ወርደው የፈለጉት ላይ `Enter` ማለት ነው፣ እዚያ ይደርሳሉ። ወይም `Insert+Space` ብለው ወደ ንባብ ሁነታ ይገቡና `H` በተጫኑ ቁጥር ወደሚቀጥለው ርዕስ፣ `1` በተጫኑ ቁጥር ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይዘላሉ። እንዲህ ካልተሠራ ግን ምዕራፍ አራት ለመድረስ 60 ገጽ በቀስት መውረድ ነው። የሆነ ቦታ ቆመው ሻይ ጠጥተው ቢመለሱ እንኳ የትኛው ክፍል ውስጥ እንደነበሩ የሚነግራቸው የለም።

ያንቺ ጽሑፍ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ `View` ውስጥ ገብተሽ `Navigation Pane` ላይ ምልክት አድርጊ። በግራ በኩል የምዕራፎችሽ ስም ከነንዑስ ርዕሱ ተደርድሮ ከመጣ ሠርተሽዋል። ባዶ ከሆነ ርዕሶችሽ የደመቁ አንቀጾች ናቸው። መምህሩ ካሉት ተነስቼ ባዶ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

እያንዳንዱን ርዕስ እየፈለግሽ 112 ገጽ አትዙሪ። አንዱን የምዕራፍ ርዕስ ምረጪ። `Home` ላይ በቀኝ ጫፍ `Select` የሚል አለ፤ እሱን ከፍተሽ `Select All Text With Similar Formatting` በይ። በተመሳሳይ መጠንና ድምቀት የጻፍሻቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመረጣሉ። ከዚያ `Ctrl+Alt+1` ተጫኚ፤ ሁሉም `Heading 1` ይሆናሉ። ለንዑስ ርዕሶቹ `Ctrl+Alt+2`፣ ለነሱ ንዑሶች `Ctrl+Alt+3`። በመሀል ለማጉላት ብለሽ ያደመቅሽው ተራ ቃል አብሮ ከገባ በ`Navigation Pane` ላይ ወዲያው ያስታውቃል። እዚያው `Normal` አድርጊው።

ርዕሶቹ በድንገት ሰማያዊ ሲሆኑ አትደንግጪ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው «መመሪያው ጥቁር ይላል» ብሎ ሁሉን የሚመልሰው። `Heading 1` ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገሽ `Modify` በይና ዩኒቨርሲቲሽ የሚጠይቀውን ፎንት፣ መጠንና ቀለም አንዴ ስጪው። ሁሉም አብረው ይቀየራሉ። በእጅሽ የጻፍሻቸውን 2.1፣ 2.1.1 የሚሉ ቁጥሮች እንዳሉ ተያቸው። በ10 ቀን ውስጥ አውቶማቲክ ቁጥር ውስጥ ገብቶ መጨማለቅ አያስፈልግም። ቁጥሩ ይነበባል፣ ያ በቂ ነው።

እኛ አገር ጽሑፎች ላይ ሁልጊዜ የማገኘው አንድ ነገር አለ። «ምዕራፍ አንድ» በአንድ መስመር፣ «መግቢያ» በሌላ መስመር መሀል ላይ ይጻፋል። ሁለቱንም `Heading 1` ካደረግሻቸው በዝርዝሩ ላይ አንዱ ምዕራፍ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። መመሪያው ከፈቀደ «ምዕራፍ አንድ፦ መግቢያ» ብለሽ በአንድ መስመር ጻፊው። ካልፈቀደ በሁለቱ መሀል ያለውን `Enter` አጥፍተሽ `Shift+Enter` አድርጊበት። ለዓይን ሁለት መስመር፣ ለስክሪን ሪደሩ አንድ ርዕስ ይሆናል።

ደረጃም አትዝለዪ። `Heading 3` ሲያዩት ስለሚያምር ብቻ ከምዕራፍ ቀጥሎ የሚጠቀሙበት አሉ። መምህሩ «ርዕስ ደረጃ 3» ሲሰሙ የዘለሉት ደረጃ 2 ያለ ይመስላቸውና ወደ ኋላ ተመልሰው ይፈልጋሉ።

ምዕራፍ ሲያልቅ አዲስ ገጽ ለመድረስ `Enter` እየደጋገምሽ ከሆነ ደግሞ ያን ሁሉ አጥፊና `Ctrl+Enter` አንዴ ተጫኚ። እያንዳንዱ ባዶ መስመር በቀስት ሲታለፍ «ባዶ» ተብሎ ይነገራል። አሥራ አምስት ጊዜ «ባዶ» የሰማ ሰው ጽሑፉ አልቋል ብሎ ቢዘጋው አይፈረድበትም። በመጨረሻ በእጅሽ በነጥብ የሞላሽውን ማውጫ ሰርዢና ከ`References` ውስጥ `Table of Contents` አስገቢ። ርዕሶቹ አሁን እውነተኛ ስለሆኑ ማውጫው ራሱ ይሞላል፣ እያንዳንዱ መስመርም ወደ ቦታው የሚወስድ ሊንክ ይሆናል።

ሠንጠረዦቹ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ዓይን ሠንጠረዥ ላይ አንድ ቁጥር ሲያይ ሳያስበው ወደ ላይና ወደ ግራ ይመለከታል። ጆሮ ያን አይችልም። መምህሩ `Ctrl+Alt` ይዘው በቀስቶቹ ከሴል ወደ ሴል ሲሄዱ፣ ቁጥሩ ከስሞቹ ጋር መምጣት አለበት። ኤንቪዲኤ በአዳዲሶቹ የወርድና የዊንዶውስ ስሪቶች ላይ የመጀመሪያውን ረድፍ የዓምዶቹ ስም፣ የመጀመሪያውን ዓምድ ደግሞ የረድፎቹ ስም አድርጎ ይወስዳል። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው። የዓምዶቹ ስም በአንድ ረድፍ ብቻ ይለቅ። የመጀመሪያው ዓምድም እያንዳንዱን ረድፍ ከሌላው የሚለይ ስም ይያዝ።

ያንቺን ሠንጠረዥ አላየሁትም። ግን በዚህ ዓይነት ጥናት ላይ የቲ-ቴስቱ ሠንጠረዥ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ዓምዶቹ ፈተና፣ ቡድን፣ የተማሪ ብዛት፣ አማካይ፣ መደበኛ ልይይት፣ የቲ ዋጋ፣ የጉልህነት ደረጃ ናቸው። በግራ «ቅድመ ትምህርት ፈተና» የሚለው ሁለት ረድፍ ይዞ ተቀላቅሏል፤ ከጎኑ የሙከራ ቡድንና የቁጥጥር ቡድን ተደራርበዋል። በቀኝ ጫፍ የቲ ዋጋውም ሁለት ረድፍ ይዞ መሀል ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ «ድኅረ ትምህርት ፈተና» በዚያው መልክ ይደገማል።

ለዓይን ያምራል። አሁን በጆሮ እንሂድበት። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የሰጠኋቸው ናቸው። መምህሩ አማካይ የሚለው ዓምድ ላይ ሆነው ወደ ታች ሲወርዱ 24.10፣ 23.80፣ 31.40፣ 27.10 ይሰማሉ። 31.40 የማነው? የመጀመሪያው ዓምድ «ድኅረ ትምህርት ፈተና» ይላቸዋል፣ ቡድኑን ግን አይነግራቸውም። ቡድኑ ሁለተኛው ዓምድ ላይ ነውና። 27.10 ሲደርሱ ደግሞ የተቀላቀለው ሴል ለዚያ ረድፍ ራሱን የቻለ ስም የለውም። ወደ ቀኝ ሄደው የቲ ዋጋውን ሲፈልጉ፣ ከሁለተኛው ረድፍ ከተነሱ ወይ ይዘለላል ወይ ሳያውቁት ወደ ላይኛው ረድፍ ይወጣሉ። እንደ ስክሪን ሪደሩና እንደ ወርዱ ስሪት ይለያያል። «ቁጥር ብቻ» ያሉት ይሄንን ነው።

መድኃኒቱ ሠንጠረዡን ለሁለት መክፈል ነው። በውስጡ ሁለት ዓይነት መረጃ ስላለ መቀላቀሉ ራሱ የመጣው ከዚያ ነው። አንዱ የእያንዳንዱ ቡድን ውጤት ነው፣ አራት ረድፍ። ሌላው በሁለቱ ቡድኖች መካከል የተደረገ ንጽጽር ነው፣ ሁለት ረድፍ። የመጀመሪያው እንዲህ ይሆናል፦

| ቡድንና ፈተና | የተማሪ ብዛት | አማካይ ውጤት | መደበኛ ልይይት |
|---|---|---|---|
| የሙከራ ቡድን፣ ቅድመ ትምህርት | 42 | 24.10 | 5.40 |
| የቁጥጥር ቡድን፣ ቅድመ ትምህርት | 40 | 23.80 | 5.30 |
| የሙከራ ቡድን፣ ድኅረ ትምህርት | 42 | 31.40 | 5.20 |
| የቁጥጥር ቡድን፣ ድኅረ ትምህርት | 40 | 27.10 | 5.60 |

ሁለተኛው፦

| ንጽጽሩ የተደረገበት ፈተና | የአማካዮች ልዩነት | የቲ ዋጋ | የነጻነት ዲግሪ | የጉልህነት ደረጃ |
|---|---|---|---|---|
| ቅድመ ትምህርት | 0.30 | 0.254 | 80 | 0.800 |
| ድኅረ ትምህርት | 4.30 | 3.605 | 80 | 0.001 |

አሁን መምህሩ 31.40 ላይ ሲያርፉ «የሙከራ ቡድን፣ ድኅረ ትምህርት፣ አማካይ ውጤት» የሚለው አብሮ ሊነገራቸው ይችላል። ከየትም አቅጣጫ ይምጡ፣ ቁጥሩ ስም አለው። የሚገርመው ደግሞ ለሚያዩት ፈታኞችም ይሄኛው ነው የሚቀለው። ይሄን ግን ለአማካሪሽ ስትነግሪው ቀስ ብለሽ ነው፤ የተቀላቀለውን ሠንጠረዥ የሰጡሽ እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

ቅርጹ ከተስተካከለ በኋላ ለወርድ ራሱ «ይሄ የራስጌ ረድፍ ነው» ብለሽ መንገር አለብሽ። ሠንጠረዡ ውስጥ ጠቅ አድርጊና `Table Design` ላይ `Header Row` እና `First Column` ምልክት እንዳላቸው እይ። ቀጥለሽ የመጀመሪያውን ረድፍ መርጠሽ ከ`Table Design` ጎን ባለው `Layout` ውስጥ `Repeat Header Rows` ተጫኚ። ሠንጠረዡ ወደ ሌላ ገጽ ሲሻገር ስሞቹ ይደገማሉ። ወደ ፒዲኤፍ ስትቀይሪውም ረድፉ ራስጌ መሆኑ አብሮ እንዲሄድ ይረዳል።

በ9ኙ ሠንጠረዦች ውስጥ ስትዞሪ ሌሎች ሦስት ነገሮች ሊያጋጥሙሽ ይችላሉ።

አንዱ ከኤስፒኤስኤስ እንደ ምስል ተገልብጦ የተለጠፈ ሠንጠረዥ ነው። ጠቅ ስታደርጊው በዙሪያው የምስል እጀታዎች ከወጡ ምስል ነው። ለመምህሩ ባዶ ቦታ ነው። ስክሪን ሪደር በምስሉ ፋንታ በሚያነበው አማራጭ ጽሑፍ ልትሸፍኚው አትሞክሪ፤ ወርድ ላይ እንደገና ሠንጠረዥ አድርገሽ ጻፊው። ስትጽፊም ሁሉን አትገልብጪ፤ ለጥያቄሽ የሚያስፈልጉትን ዓምዶች ብቻ አስቀሪ።

ሌላው ተንኮለኛ ነው፣ ምክንያቱም በዓይን ፍጹም ትክክል ይመስላል። የመላሾች መረጃ የሚባለው ሠንጠረዥ ላይ በአንድ ሴል ውስጥ «ወንድ» ብለሽ `Enter`፣ ከሥሩ «ሴት»፤ በጎኑ ባለው ሴል 38 ብለሽ `Enter`፣ ከሥሩ 44 ጽፈሽ ይሆናል። በዓይን ወንድ 38፣ ሴት 44 ነው። በጆሮ ግን «ወንድ ሴት» ካለ በኋላ «38 44» ይላል። ሁለት ሲሆን ገምቶ ማዛመድ ይቻላል። ዕድሜ በአምስት ክፍል ተደርድሮ ከሆነ ግን አይቻልም። እያንዳንዱ እሴት የራሱን ረድፍ ያግኝ። የቱ ላይ እንዲህ እንዳደረግሽ ለማወቅ `Home` ላይ ያለችውን `¶` ተጫኚ፤ በሴሉ ውስጥ ያሉት `Enter`ዎች ይታያሉ።

ሦስተኛው ምልክቶች ናቸው። የኤንቪዲኤ የምልክት ንባብ በመነሻው ላይ ቅንፍን አይናገርም። «27.10 (5.60)» ብለሽ አማካዩንና ልይይቱን በአንድ ሴል ካጨቅሽ፣ የሚሰማው ሁለት ተከታታይ ቁጥር ነው። የትኛው ምን እንደሆነ ቅንፉ ነበር የሚናገረው፤ እሱ ደግሞ ጠፍቷል። መምህሩ `Insert+P` እየተጫኑ ቅንፉም እንዲነገር ማድረግ ይችላሉ፣ ግን ያኔ በየአንቀጹ ያለ ምልክት ሁሉ ይጮህባቸዋል። ሁለት ዓምድ አድርጊውና ይገላገሉ። ኮከቦችም እንዲሁ ናቸው። `0.61**` «0.61 ኮከብ ኮከብ» ተብሎ ይነበብና ትርጉሙ ከሠንጠረዡ ግርጌ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ይንጠለጠላል። የጉልህነት ደረጃውን በራሱ ዓምድ በቁጥር መጻፍ ይሻላል። አሉታዊ ቁጥር ካለሽ በረጅም ሰረዝ አትጻፊው። ረጅሙ ሰረዝ ሳይነገር ሊታለፍ ይችላል፤ ያኔ አሉታዊው ቁጥር አዎንታዊ ሆኖ ይሰማል። ለፈታኝ ከዚህ የከፋ ስህተት የለም።

የሠንጠረዡን ስም ከላይ በ`References` ውስጥ ባለው `Insert Caption` አስገቢው፤ `New Label` ብለሽ «ሠንጠረዥ» የሚለውን መለያ አንዴ ፍጠሪ። ወደ ሠንጠረዡ ከመግባታቸው በፊት ስሙን ይሰማሉ። የበለጠ የሚጠቅማቸው ግን ከሠንጠረዡ በፊት ያለው አንቀጽሽ ነው። እዚያ «ከታች ያለው ሠንጠረዥ ከራስጌው ጋር አምስት ረድፍና አራት ዓምድ አለው፤ በድኅረ ትምህርት ፈተናው የሙከራ ቡድኑ አማካይ በ4.30 በልጧል» ካልሽ፣ ወደ ውስጥ የሚገቡት ለማረጋገጥ ነው እንጂ ለመፈለግ አይደለም።

ምስሎቹ

አማራጭ ጽሑፍ የሚጻፈው ምስሉ ላይ በቀኝ ጠቅ ተደርጎ `View Alt Text` ሲባል በሚከፈተው ሳጥን ነው። በአንዳንድ ስሪቶች `Edit Alt Text` ይላል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እይ። ምስሉ በጽሑፉ ላይ የሚንሳፈፍ ከሆነ ስክሪን ሪደር ሲያነብ ላያገኘው ይችላል። `Layout Options` ውስጥ `In Line with Text` አድርጊው፤ ያኔ እንደ አንድ ፊደል በአንቀጹ ውስጥ ይቀመጣል።

ምን ልጻፍ ለሚለው፣ ራሴ የሠራሁትን ስህተት ልንገርሽ። መጀመሪያ አካባቢ ለአንድ ተማሪ አንድ ግራፍ ስገልጽ እያንዳንዱን ዘንግ ቁጥሩን ሁሉ እየዘረዘርኩ ሙሉ ገጽ የሚያህል ጻፍኩ። ልጁ ሰምቶ ሲጨርስ «መጨረሻው ሲደርስ መጀመሪያውን ረሳሁት» አለኝ። አማራጭ ጽሑፍ እንደ አንቀጽ በቃል በቃል ተመልሰው የሚመላለሱበት ነገር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ይነበባል፣ ያልፋል። ስለዚህ እዚያ የሚገባው አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። የተረፈው ወደ ገጹ ይወርዳል፤ አንቀጽ ሆኖ ወይም ሠንጠረዥ ሆኖ።

ስለ አራቱ ምስሎችሽ የምገምተውን እንውሰድ። የመጀመሪያው ሽፋኑ ላይ ያለው የዩኒቨርሲቲው ዓርማ ነው። «የዩኒቨርሲቲው ዓርማ» ከዩኒቨርሲቲው ስም ጋር በቂ ነው። የአንበሳውንና የመጽሐፉን ሥዕል መተረክ አያስፈልግም። ገጹን ለማሳመር ያስገባሽው መስመር ወይም ጌጥ ካለ `Mark as decorative` በይው፤ ሳይነገር ይታለፋል።

የውጤቱ የዘንግ ግራፍ ቁጥሮቹ ሠንጠረዡ ውስጥ አሉ። ስለዚህ የግራፉ ሥራ ቁጥር መስጠት ሳይሆን ቅርጹን ማሳየት ነው። እንዲህ ብትዪው ይበቃል፦ «የዘንግ ግራፍ፤ የሁለቱ ቡድኖች አማካይ በቅድመ ትምህርት ፈተና ተቀራራቢ ነው፤ በድኅረ ትምህርት ፈተና የሙከራ ቡድኑ ዘንግ ግልጽ በሆነ መጠን ይበልጣል። ቁጥሮቹ ከላይ ባለው ሠንጠረዥ ይገኛሉ።» በጣም በብዛት የማገኘው ግን «ምስል 2» ወይም የፋይሉ ስም ነው። «ምስል 2» የሚለውን ከሥሩ ካለው ስያሜም ይሰሙታል፤ ሁለቴ ሰሙ፣ ምንም አላወቁም።

የመማሪያ ክፍሉ ፎቶ ለምን እንደገባ ራስሽን ጠይቂ። አቀማመጡን ለማሳየት ከሆነ አቀማመጡን ጻፊ፦ «ተማሪዎች አራት አራት ሆነው ፊት ለፊት ተቀምጠው ያነባሉ።» የደንብ ልብሳቸው ቀለም ለጥናቱ ምንም ካልሆነ ተዪው። መልስ ካላገኘሽለት ደግሞ ፎቶው ራሱ ይውጣ።

ከባዱ የጥናቱ ማዕቀፍ የሚባለው፣ ሳጥንና ቀስት ያለው ሥዕል ነው። አብዛኛው ሰው በወርድ ቅርጾች ይሠራዋል። ስምንት ሳጥንና ሰባት ቀስት ካለው፣ ለስክሪን ሪደሩ አንድ ሥዕል ሳይሆን ቅደም ተከተል የሌላቸው 15 ነገሮች ናቸው። ሁሉንም `Ctrl` ይዘሽ ምረጪና በቀኝ ጠቅ አድርገሽ `Group` በይ፤ ከዚያ ለጠቅላላው አንድ አማራጭ ጽሑፍ ስጪ። ወይም ሥዕሉን ቀድተሽ `Paste Special` ውስጥ ምስል አድርገሽ መልሰሽ ለጥፊው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በመስመሩ ውስጥ ለማስቀመጥ ይቀላል። ዋናውን ቅርጽ ግን በሌላ ፋይል አስቀምጪ፣ እርማት መምጣቱ አይቀርም።

አማራጭ ጽሑፉ፦ «የጥናቱ ማዕቀፍ፤ አራት የንባብ ብልሃቶች አንብቦ ወደ መረዳት የሚያደርሱበትን መንገድ ያሳያል። ዝርዝሩ ከሥዕሉ በታች ባለው አንቀጽ ተገልጿል።» ከዚያ አንቀጹን ጻፊ፣ ቀስቱን እየተከተልሽ፦ «ማዕቀፉ ከመምህሩ ማብራሪያ ይነሳል። ከዚያ ወደ አራት ብልሃቶች ይከፈላል፤ እነሱም መተንበይ፣ መጠየቅ፣ ማብራራትና ማጠቃለል ናቸው። አራቱም ወደ ቡድን ውይይት ያመራሉ፤ ውይይቱ ደግሞ ወደ አንብቦ መረዳት።» በሥዕሉ ላይ «ከላይ»፣ «በስተግራ» የሚለውን ሳይሆን ምን ወደ ምን እንደሚያመራ ነው መናገር ያለብሽ። ይሄን አንቀጽ ስትጽፊ አንዱ ቀስት ለምን እንዳለ ማስረዳት ካቃተሽ፣ ችግሩ የቀስቱ ነው። ፈታኝ ሳይጠይቅሽ ማወቁ ደግ ነው።

ቋንቋውና ፊደሉ

በአጭሩ። `Ctrl+A` ብለሽ `Review` ውስጥ `Language`፣ ቀጥሎ `Set Proofing Language` ግቢና አማርኛን ምረጪ። የእንግሊዝኛውን አጠቃሎና የእንግሊዝኛ ዋቢዎችን ደግሞ ለብቻ መርጠሽ እንግሊዝኛ አድርጊያቸው። ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው ኢስፒክ የሚባል የንባብ ድምፅ አማርኛም ያነባል። ድምፁ የማሽን ነው፣ ግን መምህሩ ለምደውታል። ቋንቋው በትክክል ከተነገረው በየቦታው ይቀያይራል።

አባሪው ውስጥ ያለውን መጠይቅ ከድሮ ፋይል ቀድተሽው ከሆነ ፎንቱን ወደ ታይምስ ኒው ሮማን ቀይሪና እይ። ፊደሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ቅልቅል ከሆነ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነው። ለስክሪን ሪደር እንደዚያው ቅልቅል ነው የሚነበበው። እንደገና ከመተየብ ውጭ ምክር የለኝም። አራት ነጥብንም ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት የምትሠሪ ከሆነ በ`Ctrl+H` ሁሉንም በእውነተኛው «።» ተኪያቸው፤ አንባቢው ድምፅ ዓረፍተ ነገር ማለቁን የሚያውቀው በዚያ ነው።

ፒዲኤፉና ሙከራው

ይሄን ሁሉ ሠርተሽ `Print` ውስጥ `Microsoft Print to PDF` ካልሽ ልፋትሽ ውኃ በላው። እሱ ገጹን ብቻ ነው የሚያትመው፤ ርዕሱ ርዕስ መሆኑ፣ ሠንጠረዡ ሠንጠረዥ መሆኑ ይቀራል። `File` ውስጥ `Save As` በይና ዓይነቱን ፒዲኤፍ አድርጊ። `Options` ውስጥ `Document structure tags for accessibility` ምልክት ይኑረው፤ `Create bookmarks using` ሥር ደግሞ `Headings` ይመረጥ። የፊርማውን ገጽ ስካን አድርገሽ መጨመር ካለብሽ ሙሉውን ጽሑፍ አትመሽ ስካን አታድርጊ፤ ያቺ አንዷ ገጽ ለብቻዋ ትሂድ።

ከመላክሽ በፊት `Review` ላይ `Check Accessibility` አስኪጂ። አማራጭ ጽሑፍ የሌለውን ምስል፣ ራስጌ የሌለውን ሠንጠረዥ፣ የተቀላቀለ ሴልን ያገኝልሻል። አማራጭ ጽሑፉ «ምስል 2» ቢል ግን ዝም ይላል። አንድ ሴል ውስጥ ተደራርበው ያሉትን 38 እና 44 አያውቃቸውም። የደመቀ አንቀጽ ርዕስ መሆን ነበረበት ብሎም አይፈርድም።

ለዚያ ራስሽ መስማት አለብሽ። ኤንቪዲኤ ነጻ ነው፣ አውርጂው። ጽሑፍሽን ወርድ ላይ ክፈቺና `Insert+Ctrl+Escape` ተጫኚ፤ ስክሪኑ ይጨልማል። መልሰሽ ስትጫኚው ይበራል። አሁን በጆሮሽ ብቻ ምዕራፍ አራትን አግኚ፣ ወደ ቲ-ቴስቱ ሠንጠረዥ ግቢ፣ የቁጥጥር ቡድኑ በድኅረ ትምህርት ፈተና ያገኘውን አማካይ ፈልጊ። ቁልፎቹን እስክትለምጂ ትንሽ ትንገላቺያለሽ። ከለመድሽ በኋላም የማነው ቁጥር እንደሆነ ካልለየሽ ግን ያ ሠንጠረዥ ገና አልተስተካከለም። ድምፁ ከፈጠነብሽ በኤንቪዲኤ ሜኑ `Tools` ውስጥ `Speech viewer` አለ፤ የሚናገረውን ሁሉ በጽሑፍ ያሳይሻል። ለዚያ ግን ስክሪኑን መልሰሽ አብሪው።

ለመምህሩ ሁለቱንም ፋይል ላኪላቸው፣ ወርዱንም ፒዲኤፉንም። በወርዱ ማንበብ የሚመርጡ ብዙ ናቸው። አንድ ነገር ግን እንዳትረሺ፦ ሠንጠረዡን ለሁለት ስለከፈልሽው ከዚያ በኋላ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ በአንድ ይገፋሉ። በ`Insert Caption` የገቡት `Ctrl+A` ብለሽ `F9` ስትጫኚ ራሳቸው ይስተካከላሉ። በአንቀጾቹ ውስጥ በእጅሽ «በሠንጠረዥ 6 እንደተመለከተው» ብለሽ የጻፍሻቸውን ግን አንድ በአንድ አንቺው ነሽ የምትቀይሪያቸው። `Ctrl+F` ላይ «ሠንጠረዥ» ብለሽ ፈልጊ።